ሦስት ካሜራ፣ አንድ ነጠላ፦ የከለር ማስታወሻ ከጎንደር

የካቲት 14

ፉቴጁ ዛሬ እጄ ገባ። ዳይሬክተሩ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ሃርድ ዲስኩን በፌስታል ጠቅልሎ አራዳ ድረስ ይዞልኝ መጣ። የ22 ደቂቃ አጭር ፊልም ነው። ኤዲቱ አልቋል፣ የቀረው ከለር ነው፦ የሾቶቹን ቀለምና ብርሃን ማስማማት።

«ሦስት ቀን ይበቃሃል አይደል?» አለኝ።

ዝም አልኩ። ከፍቼ ሳየው ዝምታዬ ልክ ነበር። ፊልሙ በሦስት ካሜራ ነው የተቀረጸው። ዋናው ሶኒ ኤ7ኤስ 3 ነው፣ 10 ቢት፣ በኤስ-ሎግ3። ሁለተኛው ካኖን 80ዲ ነው። እሱ 8 ቢት ነው፣ ሎግ የሚባል ነገርም የለውም። ሦስተኛው የጥምቀት ዕለት የተቀዳ የአይፎን ቪዲዮ ነው። በጠቅላላው 186 ሾት። 118ቱ የሶኒ፣ 57ቱ የካኖን፣ 11ዱ የስልክ።

ለማያውቅ ሰው ልዩነቱ እንዲህ ነው። ሎግ ማለት ካሜራው የብርሃኑን ሰፊ ክልል ጨምቆ የሚያስቀምጥበት መንገድ ነው። ጥሬውን ስታየው ብዙ ጊዜ የታጠበ ልብስ ይመስላል፦ ግራጫ፣ ደብዛዛ፣ ነፍስ የሌለው። ግን ውስጡ ብዙ ነገር አለ። ካኖኑ ግን ምግቡን አብስሎ ነው የሚያቀርበው። ንፅፅሩንም ቀለሙንም ካሜራው ራሱ ወስኖታል። ጨው ከበዛበት በዛበት ነው።

ቢቱም አለ። 8 ቢት ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ አለው፣ 10 ቢት 1024። ካኖኑን ብዙ ከጎተትከው ሰማዩ ላይ እንደ ደረጃ የተሰነጠቁ መስመሮች ይወጣሉ። ሶኒው ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ውሳኔ ዛሬውኑ ወሰንኩ። ብዙ ሰው ቆንጆውን ካሜራ ያሳምርና ደካማውን ወደሱ ለማምጣት ይታገላል። እኔ ሰልፉን በደካማው ነው የማስመራው። ካኖኑ የማይደርስበት ቦታ ሶኒውን አልወስደውም። ካሜራማኑ ይህን ሲሰማ ቅር እንደሚለው አውቃለሁ፣ ያንን ሶኒ ስንት ብር ከፍሎ ነው የተከራየው።

የካቲት 15

ዛሬ ቀለም አልነካሁም። ክፍሉን ነው ያስተካከልኩት።

የክፍሌ ግድግዳ ውሃ አረንጓዴ ቀለም ነው የተቀባው። አረንጓዴ ግድግዳ ፊት ተቀምጠህ ስትሠራ ዓይንህ አረንጓዴውን ይለምደዋል፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ምስል ደግሞ ወደ ሮዝ ያደላ ይመስልሃል። ከዚያ ሳታውቀው አረንጓዴ ትጨምራለህ። ከስክሪኑ ጀርባ ግራጫ ብርድ ልብስ ሰቀልኩ። ከብርድ ልብሱ ሥር ሳጥኑ ላይ 6500 ኬልቪን የሚል የኤልኢዲ አምፖል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሬ አስቀመጥኩ። ሞኒተሩም 6500 ላይ ነው። እናቴ ገብታ አየችውና «ምነው፣ ለቅሶ አለ እንዴ?» ብላ ወጣች።

ፕሮጀክቱን ዳቪንቺ ሪዞልቭ ላይ አዘጋጀሁ። ሾቶቹን በካሜራ በሦስት ግሩፕ ከፈልኳቸው። ለእያንዳንዱ ግሩፕ መጀመሪያ ላይ አንድ `Color Space Transform` አስገባሁ። ሥራው የየካሜራውን ቋንቋ ወደ አንድ የጋራ ቋንቋ መተርጎም ነው፦

```
Sony:   S-Gamut3.Cine / S-Log3
Canon:  Rec.709 / Gamma 2.4
iPhone: Rec.2020 / Rec.2100 HLG
  -> DaVinci Wide Gamut / DaVinci Intermediate
```

በመጨረሻ፣ ታይምላይኑ ላይ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ወደ ሬክ 709፣ ወደ ተራው የቴሌቪዥን ቀለም፣ ይወጣል። በመሐል ያለው ቦታ ለእያንዳንዱ ሾት የምሠራበት ነው።

ይህ ብቻውን ካሜራዎቹን አያመሳስልም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸወደው። ትርጉሙ የሂሳብ ነው። ካሜራማኑ ዋይት ባላንሱን፣ ነጭን ነጭ የሚያስመስለውን ቅንብር፣ ስንት ላይ እንዳደረገ፣ ደመና አልፎ እንደሆነ አያውቅም። ግን ቢያንስ ሁሉም ከአንድ በር ይነሳሉ።

አንድ ነገር ወዲያው ታየኝ። የካኖኑ ነጭ ወደ ግራጫ ሆኗል። ምክንያቱ መውጫው ላይ ያለው ትራንስፎርም ደማቁን ብርሃን ዝቅ አድርጎ ስለሚጨምቅ ነው። ካኖኑ ደግሞ ገና ካሜራው ውስጥ አንዴ ተጨምቋል። ሁለቴ ተጨመቀ ማለት ነው። ለካኖን ግሩፕ በሙሉ ጌይኑን፣ ደማቁን ክፍል የሚያነሳውን፣ ከፍ አድርጌ መለስኩት።

የካቲት 16

ሲን 7። የፊልሙ ልብ ይህ ነው። እናትና ልጅ በፋሲል ግቢ አጥር ሥር፣ ጥላው ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። እናትየዋ ነጠላ ለብሰዋል። ሶኒው እሳቸውን ያያል፣ ካኖኑ ልጁን። አራት ደቂቃ ሙሉ ወዲያ ወዲህ እየተቆረጠ ይሄዳል። እሳቸው ሲታዩ ከሰዓት፣ ልጁ ሲታይ ጠዋት ይመስላል።

ስኮፑን፣ የምስሉን ቀለምና ብርሃን በቁጥር የሚያሳየውን መለኪያ፣ ከፈትኩ። ፓሬዱ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊውን ለየብቻ ከ0 እስከ 1023 ባለው መለኪያ ያሳያል። ሁለቱም ሾት ውስጥ ያለ አንድ የጋራ ነገር መፈለግ ነበረብኝ።

ነጠላው! ነጭ ነው አይደል? ለመከራ ነበር። ነጩን መምረጫ አንስቼ የእማማን ነጠላ ነካሁት። ፕሮግራሙ ሦስቱን ቀለሞች እኩል አደረጋቸው። ነጠላው ወረቀት መሰለ፣ ደስ አለኝ። ልጁ ትከሻ ላይ ባለው ጋቢም እንዲሁ አደረግኩ። ፎቶ አንስቼ ለዳይሬክተሩ ላክሁለት። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ደወለ።

«እማማ ምን ነክቷቸው ነው? የወፍ በሽታ የያዛቸው መሰሉ እኮ!»

እውነቱን ነው። ፊታቸው ቢጫ ሆኗል። ድንጋዩም ሰናፍጭ መስሏል።

ተቀምጬ አሰብኩ። የእጅ ሽመና ጥጥ ሲወጣ ወደ ክሬም ያደላል። ከዚያ በዱቄት ሳሙና ይታጠባል። የዱቄት ሳሙና ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ነጭ ማድመቂያ አለ። ይህ ነገር የማይታየውን አልትራቫዮሌት ተቀብሎ ሰማያዊ አድርጎ ነው የሚመልሰው። «ነጭ በነጭ» የሚያሰኘው እሱ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2100 ሜትር በላይ ናት፣ አልትራቫዮሌቱ ከቆላው ይበልጣል። በዚያ ላይ ሰዎቹ ጥላ ውስጥ ናቸው። ጥላን የሚያበራው ፀሐይ ሳትሆን ሰማያዊው ሰማይ ነው። ስለዚህ የእማማ ነጠላ በእውነት ሰማያዊ ነበር። ጥሬው ላይ ሰማያዊው ከቀዩ በ45 ያህል ይበልጥ ነበር። እኔ ሰማያዊውን ስነጥቀው ከፊታቸውም ከግንቡም አብሬ ነጠቅኩ። የልጁ ጋቢ ግን ብዙ ያልታጠበ፣ ክሬም ነው። ሁለት የተለያዩ «ነጮችን» ነው ያመሳሰልኩት።

ሁሉንም ሰርዤ ተኛሁ።

የካቲት 17

ዛሬ ከግንቡ ጀመርኩ። ግንቡ አይታጠብም። ሁለቱም ሾት ላይ፣ ከትከሻቸው በላይ፣ አንድ ዓይነት ቡናማ ድንጋይ አለ። ጥላ ውስጥ ያለውን ብቻ መረጥኩ፣ ፀሐይ የነካው ክፍል ሌላ ቀለም ነው። ቢጫ ሽበት ያበቀለውንም ተውኩት።

ሶኒው ላይ ድንጋዩ ቀይ 330፣ አረንጓዴ 315፣ ሰማያዊ 290 ነው። ካኖኑ ላይ ቀይ 352፣ አረንጓዴ 308፣ ሰማያዊ 262። ካኖኑ ሞቋል። ካሜራማኑን ስጠይቀው ካኖኑ አውቶ ላይ፣ ሶኒው ደግሞ 5600 ላይ እንደነበሩ አመነ። የካኖኑን ሙቀት ቀነስኩ፣ ቲንቱን፣ በአረንጓዴና በሮዝ መሐል ያለውን ሚዛን፣ ትንሽ ወደ አረንጓዴ ገፋሁ። ቁጥሮቹ በ5 እና በ6 ልዩነት ተቀራረቡ። እዚያ ላይ አቆምኩ። ከዚህ በላይ ማሳደድ ትርፉ ድካም ነው፣ የካሜራዎቹ ማዕዘንም ይለያያል።

ቀጥሎ ፊት። ቬክተርስኮፕ በሚባለው የቀለም መለኪያ ላይ በቀይና በቢጫ መሐል የምትሄድ አንዲት መስመር አለች፣ የቆዳ መስመር። ጥቁርም ይሁን ቀይ ዳማ፣ የሰው ቆዳ ከሞላ ጎደል እዚያች መስመር አካባቢ ነው የሚያርፈው። የሚለየው ብሩህነቱና ከመሐል ያለው ርቀት ነው። የእማማ ጉንጭ መስመሯ ላይ አረፈ። የልጁ ወደ ቀይ ትንሽ ወጣ አለ።

ብሩህነቱ ላይ አንድ ነገር ልበል። የውጭ ትምህርቶች «ፊት 70 በመቶ አካባቢ ይቀመጥ» ይላሉ። ያ የፈረንጅ ፊት ነው። የእኛን ሰው ጥላ ሥር አስቀምጠህ 70 ላይ ካወጣኸው አመድ የተነፋበት ይመስላል። እማማን 40 በመቶ አካባቢ፣ ልጁን 37 ላይ ተውኳቸው። በዓይንም ልክ ናቸው። ልጁ በእውነትም ከእሳቸው ጠቆር ይላል።

የልጁ ፊት ለምን ቀላ? ድንጋዩ ተስተካክሏል፣ ስለዚህ ዋይት ባላንስ አይደለም። መልሱን ያገኘሁት ከጥበቡ ነው። አንድ ሾት አለ፣ ካኖኑ ከእማማ ትከሻ ጀርባ ሆኖ ልጁን የሚያይበት። የእማማ ነጠላ ጥበብ ጥግ ላይ ይታያል። ያው ጥበብ ሶኒው ላይም አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ጥበቡን 400 በመቶ አጎላሁት። አረንጓዴው ተመሳሳይ ነው። ቢጫው ተመሳሳይ ነው። ቀዩ ግን ካኖኑ ላይ ነደደ፣ ክሩ አይለይም፣ አንድ ጉብታ ሆኗል። ሶኒው ላይ ግን ክሩ ይቆጠራል።

ካኖኑ ቀይን ብቻ ነው የሚያጋንነው። እንግዲህ አጠቃላይ ሳቹሬሽን፣ የቀለሙን ድምቀት፣ መቀነስ ስህተት ይሆን ነበር፣ ሳሩን ያደርቀዋል። `Hue vs Sat` ላይ ቀዩን ብቻ ዝቅ አደረግኩ። `Hue vs Hue` ላይ ደግሞ በጣም ትንሽ ወደ ቢጫ ገፋሁት። የልጁ ፊት መስመሯ ላይ ገባ። የጠፋው ክር ግን አልተመለሰም፣ አይመለስምም።

አሁን የነጭ ነገር። ካኖኑ ላይ የጋቢው ጫፍ ፀሐይ ነክቶታል። የብርሃን መለኪያው ዌቭፎርም ላይ ጣራውን ነክቶ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ያ መስመር ሲታይ አለቀ ማለት ነው፣ ውስጡ ዝርዝር የለም። ዝቅ ብታደርገው ግራጫ ጥፍጥፍ ይሆናል እንጂ ሽመናው አይወጣም። ስለዚህ በተቃራኒው ሄድኩ። የሶኒውን ደማቅ ቦታ ከርቩ ላይ ጠንከር አድርጌ ወደ ላይ ገፋሁት። የእማማ ነጠላ ጫፍ ላይ የነበረው ልስላሴ ቀነሰ። ካሜራማኑ አይቶ «ገደልከው» አለ። ሁለቱን ሾት አከታትዬ ሳጫውትለት ግን ቁርጡ የት እንዳለ ለማወቅ ዓይኑን አጠበበ።

ነጠላውን በጥቂቱ ሰማያዊ እንደሆነ ተውኩት። ማንም አላስተዋለም።

የካቲት 19

ትላንት ቀን መብራት አልነበረም። ዛሬ የሆነውን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር።

ማታ ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ከሲን 9 እስከ 12 ሠራሁ። ደስ የሚል ፍጥነት ነበረኝ። ጠዋት ስከፍተው ሁሉም ሰማያዊ ነው። ሰዎቹ ከበረዶ የወጡ ይመስላሉ።

ለካ የላፕቶፑ የማታ ብርሃን ማሞቂያ በርቶ ነበር። ሞኒተሩን የጨመርኩበት ዕለት ራሱን አብርቶ ይሆናል፣ ወይም እኔው ነክቼዋለሁ። ማታ ስክሪኑን ብርቱካናማ ያደርጋል፣ እኔ ደግሞ ብርቱካናማውን ለማጥፋት ሰማያዊ ስጨምር አመሸሁ። ስኮፑ እውነቱን ሲናገር ነበር፣ ስኮፕ የሚያነበው ፋይሉን እንጂ ስክሪኑን አይደለም። የፊቶቹ ነጥብ ከመስመሯ ወደ መሐል ሸሽቶ ነበር። ማን አየው። ስሜቴ ነበር የሚመራኝ።

አራቱን ሲን እንደገና።

የካቲት 21

ቤት ውስጥ፣ የቡናው ሲን። እዚህ ካሜራ ብቻ ሳይሆን መብራትም ይጣላል። ጣራው ላይ አንድ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል አለ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ። በበሩ የቀን ብርሃን ይገባል። የእማማ አንድ ጉንጭ ሰማያዊ፣ ሌላው አረንጓዴ ነው።

አጠቃላይ ማስተካከያ አይሠራም፣ አንዱን ጉንጭ ስታድን ሌላውን ትቀብራለህ። ፊታቸው ላይ ከአምፖሉ ወገን ለስላሳ ዊንዶ ከልዬ በዚያ ውስጥ ብቻ አረንጓዴውን በማጀንታ ቀነስኩ። ሲንቀሳቀሱ እንዲከተላቸው ትራክ አደረግኩት። ጀበናውን ለመቅዳት ሲያጎነብሱ ትራኩ ጠፋ፣ ያቺን 20 ፍሬም በእጄ አስኬድኳት።

ካኖኑ እዚህ ሌላ ችግር አመጣ። ጨለማው ውስጥ ኖይዝ የሚባል ባለ ቀለም ነጠብጣብ አለበት፣ ቀይና ሰማያዊ ጉንዳን የሚርመሰመስ ይመስላል። የሶኒው ጨለማ ንጹሕ ነው። ቀለሙ ቢገጥምም ቁርጡ ይታወቃል፣ አንዱ ምስል ይፈላል፣ አንዱ ይረጋል። ካኖኑ ላይ የቀለም ኖይዝ ብቻ ቀነስኩ፣ የብርሃኑን ብዙ አልነካሁም፣ ፊት ፕላስቲክ ይሆናል። ሶኒው ላይ በተቃራኒው ትንሽ ግሬን ጨመርኩ። የጨለማውን ሳቹሬሽንም በሁለቱም ዝቅ አደረግኩ። ጉንዳኖቹ ግራጫ ሲሆኑ የፊልም ግሬን ይመስላሉ።

የካቲት 24

ስልኩ። እንደፈራሁት አልሆነም፣ ከዚያም የባሰ ቦታ አለው።

ጥምቀተ ባሕሩ ላይ በዚያ ሕዝብ መሐል ትልቅ ካሜራ ይዞ መግባት ከባድ ስለነበር ረዳቱ በስልክ ነው የቀረጸው። ስልኩ በኤችዲአር፣ ሰፊ የብርሃን ክልል በሚይዘው በኤችኤልጂ ነው የቀዳው። ኤዲተሩ ዝም ብሎ ታይምላይኑ ላይ ስለጣለው ሰማዩ የነጣ፣ ሰውም የሳሳ ይመስል ነበር። «ስልኩ አቃጥሎታል» ብለው ሊጥሉት ነበር። የካቲት 15 ያስገባሁት ትራንስፎርም ግን ቦታው መለሰው፣ ሰማዩም የካህናቱ ጃንጥላም ተመለሱ።

ጃንጥላዎቹ ግን አበዱ። ቀዩና ወርቃማው እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ያበራል። ሳቹሬሽኑን በሩብ ያህል ቀነስኩ። ስልኩ ጠርዙን ሁሉ በሰው ሠራሽ መንገድ ያሾላል፣ የሰው ፀጉር ዙሪያ ነጭ ክር ይታያል። በጣም ትንሽ ብለር አደረግኩት።

አንደኛው ሾት ላይ ስልኩ ከጥላ ወደ ፀሐይ ሲዞር ዋይት ባላንሱን በራሱ ይቀይራል። ሁለት ሰከንድ ውስጥ የውሃው አረንጓዴ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ለውጡ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ፍሬም ፈልጌ ኪፍሬም አደረግኩ፣ ማስተካከያዬ በዚያ መሐል በተቃራኒው እንዲጓዝ። መሐሉ ላይ ገና ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ የስልኩ ለውጥ ቀጥ ያለ አይደለም። ሦስት ተጨማሪ ኪፍሬም ጨምሬ አረጋጋሁት።

ያልቻልኩት አንድ ነገር አለ። ስልኩ ፊትን ለብቻው ያበራል፣ ሰማይን ለብቻው ያጠቁራል። ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ይጠፋል፣ ፊቱ ጠፍጣፋ ይሆናል። ያንን የሚፈታ ቁልፍ የለኝም። ለጓደኛዬ ደወልኩለት።

«የፊት ክሎዝአፑን አሳጥርልኝ። አራት ሰከንድ ቢቆይ ይነቃበታል።»

«ስንት ላድርገው?»

«አንድ ተኩል።»

ተነጫነጨ፣ ግን አሳጠረው። የቀሩት አሥሩ ሰፊ ሾቶች ናቸው፣ እዚያ ላይ አይታወቅም።

የካቲት 27

ከየሲኑ አንድ አንድ ሾት አውጥቼ በ`Lightbox` ጎን ለጎን አየኋቸው። በትንሹ ሲታዩ የሚያፈነግጠው ወዲያው ይታያል፣ ትልቁ ስክሪን ላይ ዓይን ለምዶ ያልፈዋል። ሁለት የካኖን ሾቶች ከሲን 11 ሞቀው ተገኙ። የማታ ብርሃኑ ዕለት ስደግማቸው ተበሳጭቼ አብዝቼባቸዋለሁ። አቀዘቀዝኳቸው።

ከዚያ ነው ለሁሉም የጋራውን መልክ ታይምላይኑ ላይ የጨመርኩት፦ ጨለማው ትንሽ ሞቅ፣ ንፅፅሩ ትንሽ ከፍ። ይህን ቀድመህ ካደረግኸው ስህተቱን ነው የምታስጌጠው።

ጓደኛዬ ቤት ቴሌቪዥን ላይ አየነው። መጀመሪያ ሁሉም ሰው ብርቱካን ሆነ፣ ቴሌቪዥኑ የቀለም ማድመቂያው ላይ ነበር። `Movie` የሚለው ላይ አደረግነው። እማማም ተጠርተው መጥተው ነበር። ሲን 7 ሲመጣ ጎንበስ ብለው አዩ። ትንፋሼን ያዝኩ።

«ይቺ ነጠላ ጫፏ ተተልትሎ የለ እንዴ? ምነው ሳይነግሩኝ!»

ልክ ናቸው፣ ተተልትሏል። ሶኒው ላይ ብቻ ነው የሚታየው። ዛሬ ማታ ያችን ጥግ ትንሽ አጠቁርና ፋይሉን አወጣለሁ፣ መብራት ካለ።